«ተሣሀለነ» የሚለው ግስ በርባታና በትርጉም

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ብሎ ሲያውጅ ሕዝቡ በሁለት ቃል ይመልሳል፤ «እግዚኦ ተሣሀለነ» ይላል። ምላሹ በአንድ ቅዳሴ ውስጥ ተደጋግሞ የሚሰማ ስለ ሆነ ግእዝ ያልተማረውም ምእመን በቃሉ ያውቀዋል፤ ትርጓሜውን ሲጠይቁትም «አቤቱ ይቅር በለን ማለት ነው» ይላል። ትርጓሜው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ከሁለቱ ቃላት ሁለተኛውን ብቻ ነጥሎ ጽፎ፥ ግእዝ ለሚያውቅ ሰው «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ መልሱ አንድ ብቻ አይሆንም። «ተሣሀለነ» ይቅር በለን ማለት ይሆናል፤ ይቅር አለን ማለትም ይሆናል። የመጀመሪያው ገና ያልተገኘውን ይለምናል፤ ሁለተኛው የተገኘውን ይናገራል። በሁለቱ መካከል የአንዲት ፊደል ልዩነት እንኳ የለም። ልመናና ዜና አንድ ልብስ ለብሰው የሚገኙት ከምን የተነሣ እንደ ሆነና አንባቢው በምን እንደሚለያቸው ለማወቅ የግእዝን ግስ ርባታ መመልከት ያስፈልጋል።

በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ሲያወርድ እያንዳንዱን ግስ በአራት አንቀጽ ይዘልቀዋል። «ነገረ» የሚለውን ቢይዝ፥ ነገረ ብሎ ኀላፊውን፥ ይነግር ብሎ ትንቢቱን፥ ይንግር ብሎ ዘንዱን፥ እንደ ገና ይንግር ብሎ ትእዛዙን ያወርዳል። ኀላፊው የተፈጸመውን፥ ትንቢቱ የሚሆነውን ወይም በመሆን ላይ ያለውን፥ ዘንዱ የታሰበውንና የተፈለገውን፥ ትእዛዙ የታዘዘውን ወይም የተለመነውን ያመለክታል። ኀላፊው ባለቤቱን በመጨረሻው ያሳያል፤ ነገረ፥ ነገርከ፥ ነገርኩ እያለ ይሄዳል። ትንቢቱና ዘንዱ ግን ባለቤቱን በመነሻው ያሳያሉ፤ ይነግር፥ ትነግር፥ እነግር ይላሉ። ለቅርብ ሰው የሚነገረው ትእዛዝ ከዘንዱ መነሻውን ጥሎ ይቀራል፤ «ትንግር» ከሚለው ት ሲወድቅ «ንግር» ይሆናል። እንግዲህ ለቅርብ ወንድ የሚነገር ትእዛዝ በራስጌም በግርጌም የባለቤት ምልክት የሌለው፥ ከግሱ መልክ ሁሉ እርቃኑን የቀረው ነው። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

ግሱ ተሳቢ ሲኖረው ተሳቢው በዝርዝር ከመጨረሻው ይጨመራል። «እኛን» የሚለው ዝርዝር «ነ» ነው። «ነገረ» ላይ ሲጨመር «ነገረነ» ይሆናል፤ ነገረን ማለት ነው። «ንግር» ላይ ሲጨመር ግን ሳድሱ «ር» ወደ ግእዙ «ረ» ይለወጥና «ንግረነ» ይሆናል፤ ንገረን ማለት ነው። የቃሉ ግርጌ በሁለቱም ዘንድ «ረነ» ሆኖ ተስተካክሏል። የሚለያቸው የቃሉ ራስ ነው፤ አንዱ በ«ነ» ሌላው በ«ን» ይጀምራል። የዐማርኛውም «ነገረን» እና «ንገረን» የሚለያዩት በዚያው ስፍራ ነው።

በሌሎቹ የግስ አርእስትም እንዲሁ ልዩነቱን የሚጠብቅ አንድ ፊደል ይገኛል። ከ«ቀደሰ» ቀደሰነ ማለት ቀደሰን ነው፤ ቀድሰነ ማለት ቀድሰን ነው፤ በመካከል ያለችው «ደ» እና «ድ» ትለያቸዋለች። ከ«ባረከ» ባረከነ ማለት ባረከን ነው፤ ባርከነ ማለት ባርከን ነው፤ ልዩነቱ በ«ረ» እና በ«ር» ላይ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ግሶች ላይ የሠለጠነ ተማሪ ፊደሉን አጥርቶ ካየ ልመናውን ከዜናው ለይቶ ያነባል። ይሁን እንጂ በዚህ የተማመነ ሰው በ«ተ» የሚጀምር ግስ ላይ ሲደርስ መሰናክል ያገኘዋል።

«ተቀበለ» የሚለውን እንመልከት። ኀላፊው ተቀበለ፥ ትእዛዙ ተቀበል ነው። ከ«ቀደሰ» ትእዛዝ ሲወጣ «ደ» ወደ «ድ» እንደ ተለወጠች በዚህ መካከለኛዋ «በ» አልተለወጠችም። በ«ተ» የሚጀምሩ ግሶች በትእዛዝም ጊዜ የኀላፊውን ድምፅ በመካከል ይዘው ይቈያሉ። የቀረው ልዩነት የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት፤ ኀላፊው በ«ለ»፥ ትእዛዙ በ«ል» ያልቃል። እንግዲህ «ነ» ሲጨመር ምን ይሆናል? «ል» ዝርዝሩን ለመቀበል «ለ» ትሆናለች። ያቺ አንዲት ልዩነትም ጠፋች ማለት ነው። ተቀበለነ ማለት ተቀበለን ነው፤ ተቀበለነ ማለት ተቀበል እኛን ነው። ከ«ተዘከረ» የሚወጣው ተዘከረነም እንዲሁ፥ አሰበን ወይም ዐስበን ይሆናል። ተሳቢው አንድ ሰው ሆኖ ዝርዝሩ «ኒ» ቢሆን ነገሩ አይለወጥም፤ ተዘከረኒ ሁለቱንም ይሆናል።

«ተሣሀለ» ከእነዚሁ ወገን ነው። ኀላፊው ተሣሀለ፥ ትእዛዙ ተሣሀል፥ ከ«ነ» ጋር ሁለቱም ተሣሀለነ። ነገር ግን ይህ ግስ ከ«ተቀበለ» የበለጠ አሳሳች የሆነበት ምክንያት አለ፤ እርሱም መልኩ ከትርጉሙ ጋር አለመስማማቱ ነው።

ሊቃውንቱ ግስን በአምስት አዕማድ ይከፍሉታል፤ እነዚህም አድራጊ፥ አስደራጊ፥ ተደራጊ፥ ተደራራጊና አደራራጊ ናቸው። በራሱ ላይ «ተ» ያለበትን ግስ የሚያይ ጀማሪ በመጀመሪያ የሚያስበው ተደራጊ ነው ብሎ ነው፤ ተቀደሰ ማለት ተቀደሰ፥ ተባረከ ማለት ተባረከ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ተሣሀለንም «ይቅር ተባለ» ብሎ ሊተረጕመው ይደፍራል። ይህን የሚከለክለው ዝርዝሩ ነው። ተደራጊ ግስ ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ የወደቀበት ስለ ሆነ ሌላ ተሳቢ አይሻም፤ «ተሣሀለነ» ግን «ነ» የሚለውን ተሳቢ ተሸክሞ ቆሟል። ስለዚህ ምሕረትን የሚያደርገው ባለቤቱ ነው፥ የሚቀበሉትም እኛ ነን። ሁለተኛው ጥርጣሬ ከ«ሣ» የሚመጣ ነው። ተቃተለ ማለት ተጋደለ እንደ ሆነ፥ የመጀመሪያው ሥር ፊደል ራብዕ ሆኖ ሲገኝ እርስ በርስ መደራረግን የሚያመለክትበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ስፍራ ግን ባለቤቱ አንድ ስለ ሆነ፥ ተሳቢውም ለብቻው ስለ ተነገረ፥ መደራረግ የለም። እንግዲህ ተሣሀለ መልኩ የተደራጊ ወይም የተደራራጊ፥ ግብሩ ግን የአድራጊ ነው። ተቀበለና ተዘከረም እንዲሁ ናቸው። እንደዚህ ያሉትን ግሶች በመልካቸው የሚተረጕም ሰው ሁልጊዜ ይስታል፤ የሚያዋጣው ተሳቢ መያዝ አለመያዛቸውን መመርመር ነው።

የዚህ ግስ አጻጻፍ በየመጽሐፉ ሲለያይ የሚታየውም በርባታው ሊቃና ይችላል። አንዳንዱ ጸሓፊ «ተሠሃለነ»፥ አንዳንዱ «ተሣህለነ»፥ ሌላውም በእሳቱ ሰ «ተሰሃለነ» ብሎ ይጽፋል። በዛሬው አነጋገር «ሀ» እና «ሃ»፥ «ሠ» እና «ሰ» በድምፅ ስለማይለዩ ጆሮ በዚህ ነገር ዳኛ ሊሆን አይችልም። ዳኛው አምሳያው ግስ ነው። ተባረከ ሲል ራብዕ የሚሆነው የመጀመሪያው ሥር ፊደል «ባ» ነው፤ ሁለተኛው «ረ» ግእዝ ነው። በዚያው ልክ «ሣ» ራብዕ፥ «ሀ» ግእዝ መሆን አለባቸው። «ተሠሃለ» የሚለው ረጅሙን ድምፅ ከስፍራው አንሥቶ ለጎረቤቱ ስለ ሰጠ ከየትኛውም አምሳያ ጋር አይገጥምም። «ህ» በሳድስ የሚጻፈው በስሙ ላይ ነው፤ ስሙ «ሣህል» ነውና። ንጉሡ ሠ እንዲገባም የሚያዘው ይኸው ስም ነው። መዝገበ ቃላት ለመፈለግም ይህን ማወቅ ይጠቅማል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበትና በ1948 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስም ሆነ ጀርመናዊው ዲልማን በ1865 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው መዝገበ ቃላት ግሶችን በሥራቸው የደረደሩ ናቸው። ስለዚህ ተሣሀለን በ«ተ» ሥር የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ «ተ»ን ጥሎ፥ ራብዑን መልሶ፥ በንጉሡ «ሠ» ሥር ሠ፥ ሀ፥ ለ የሚሉትን ፊደላት መከተል አለበት። አንደኛው በአበገደ፥ ሁለተኛው በሀለሐመ ተራ መሄዳቸውንም ማስታወስ ይገባዋል።

ለሩቅ ሰው ሲነገርም ግሱ ሌላ መልክ ያመጣል። በደንቡ «ይትሣሀል» ሊባል የሚገባው «ይሣሀል» ይባላል፤ «ት» ከ«ሣ» ጋር ስትገናኝ በእርሷ ተውጣ ትቀራለች። በዚህ ላይ «ነ» ሲጨመር ይሣሀለነ ይሆናል። ይህም ደግሞ ይቅር ይለናል ወይም ይቅር ይበለን ሊሆን ይችላል፤ በሌሎች ግሶች ትንቢቱን ከዘንዱ የሚለየው የመካከለኛው ፊደል መጥበቅ በ«ሀ» ላይ ሊሆን አይችልምና፥ የጉሮሮ ፊደል አይጠብቅምና።

ወደ ተነሣንበት ምላሽ ስንመለስ፥ ከሁለቱ ንባቦች አንዱን የሚቈርጠው ከፊቱ ያለው ቃል ነው። «እግዚእ» ማለት ጌታ ነው። «ኦ» የጥሪ ምልክት ስትጨመርበት የመጨረሻዋ ሳድስ «እ» ወደ ሳብዕ ትለወጥና «እግዚኦ» ይሆናል፤ ጌታ ሆይ ማለት ነው። «እግዚእ ተሣሀለነ» የተባለ እንደ ሆነ ጌታ ይቅር አለን የሚል ዜና ሊሆን ይችል ነበር። «እግዚኦ ተሣሀለነ» ሲባል ግን ዜናው ወድቆ ልመናው ብቻ ይቆማል። ምክንያቱ ጥሪ ቅርብን ሰው የሚሻ በመሆኑ ነው። የተጠራው አንተ የሚባል ነው፤ «ተሣሀለነ» ኀላፊ ቢሆን ግን ባለቤቱ እርሱ የሚባል ሩቅ ይሆናል። ተናጋሪው ፊት ለፊት የጠራውን ጌታ ያደረገለትን ምሕረት ሊናገር ቢፈልግ ኖሮ ግሱ «ተሣሀልከነ» ይሆን ነበር፤ ይቅር አልኸን ማለት ነው። «ከ» የምትባለው የባለቤት ምልክት አለመኖሯ ግሱ ኀላፊ አለመሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ የምላሹ ትርጉም በሙሉ የተንጠለጠለው በግሱ ላይ ሳይሆን «እ»ን «ኦ» ባደረገች በአንዲት የፊደል ለውጥ ላይ ነው።

ይህንኑ ፍች የሚያጸና ምስክር ከግሪክ ይገኛል። በሰሙነ ሕማማት ስግደት ጊዜ የሚሰማው «ኪርያላይሶን» የግሪክ ቃል ነው፤ ሲተነተን ኪርዬ፥ ኤሌይሶን ይሆናል። ኪርዮስ ጌታ ማለት ሲሆን ኪርዬ የጥሪው መልክ ነው፥ ልክ እግዚእ እግዚኦ እንደሚሆን። ኤሌይሶን ደግሞ የትእዛዝ መልክ እንጂ የኀላፊ አይደለም። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ግሪኩ «ማር» ብሎ ተሳቢውን ሳይጠራ ሲቀር ግእዙ «ነ» ብሎ እኛን መጨመሩ ነው።

ምላሹን ወደ ዛሬው ዐማርኛ ለሚመልስ ሰው ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፤ አንዱ ስለ ጥሪው፥ አንዱ ስለ ግሱ። ጥሪው «ጌታ ሆይ» ወይም «አቤቱ» ሊሆን ይችላል። ለቃሉ የቀረበው «ጌታ ሆይ» ነው፤ እግዚእ የሚለውን ስም ይዟልና። «አቤቱ» ስም የለበትም፤ የጩኸት ቃል ነው፤ ሰው ወደ ዳኛ አቤት ሲልና አቤቱታ ሲያቀርብ ከሚሰማው ጋር አንድ ወገን ነው። የጌትነቱን ስም ያጎድላል፤ በልመና ረገድ ግን አንዳች አያጎድልም። ደግሞም የዐማርኛው መዝሙረ ዳዊት «እግዚኦ»ን በ«አቤቱ» መመለስን ስላስለመደ አንባቢው በጆሮው የያዘው እርሱን ነው። አጠራሩ አንተ በሚለው መሆኑም ሊጠበቅ ይገባል። ዐማርኛ ለታላቅ ሰው እርስዎ ቢልም ወደ እግዚአብሔር በሚቀርብ ጸሎት ግን አንተ ይላል እንጂ «ይማሩን» አይልም፤ ግእዙም ከዚህ የተለየ የማክበሪያ አነጋገር አላስቀመጠም።

የግሱ ምርጫ ከዚህ ይከብዳል። የተለመደው «ይቅር በለን» ነው። «ይቅር» ከቀረ የወጣ ስለ ሆነ የተበደለው ሰው በደሉን እንዲተወው፥ ነገሩ እንዲቀር የሚጠይቅ ነው። ለዚህ ትርጓሜ የቀረበው የግእዝ ግስ «ሰረየ» ነው፤ ስርየተ ኀጢአት የሚባለው ከዚያ ነውና። «ሣህል» ከዚህ ይሰፋል። በደልን መተው በውስጡ ቢኖርም፥ ቸርነትን፥ ርኅራኄን፥ ፊትን ወደ ተጨነቀ ሰው መመለስን ይጨምራል። ሕዝቡ በድርቅና በወረርሽኝ ጊዜ እግዚኦታ ሲያሰማ የሚለምነው የኀጢአቱን ስርየት ብቻ አይደለም፤ ዝናሙንና ጤናውንም ነው። ይህን ስፋት በዐማርኛ የሚሸከመው ግስ «ማረ» ነው። እርሱም ከግእዙ «መሐረ» የጉሮሮ ፊደሉ ወድቆ የመጣ ሲሆን፥ ምሕረትና ሣህል በጸሎት ሁልጊዜ ጎን ለጎን የሚጠሩ ናቸው። ዐማርኛ ተናጋሪ ለበደለኛ «ማረው» እንደሚል ሁሉ ለታመመውም ለሚያስነጥሰውም «ይማርህ» ይላል፤ የታመመው ሰው ግን በደል አልሠራም። «ራራልን» የሚለውም ይታሰብ ይሆናል፤ ነገር ግን የልብን ስሜት እንጂ የሚሰጠውን ነገር አያመለክትም። «ቸርነት አድርግልን» ፍቹን ያሟላል፥ ነገር ግን በምላሽ ቦታ ማብራሪያ ይሆናል።

ስለዚህ በትርጉም ስፋት «ማረን» ይሻላል። ነገር ግን በግእዙ የታየው ወጥመድ በዚህ እንደ ገና ይጠብቃል። «ማረ» ላይ «ን» ሲጨመር ማረን ይሆናል፤ ትእዛዙ «ማር» ላይ ሲጨመርም ማረን ይሆናል። ንጉሡ ማረን ብሎ የምሥራች የሚናገርና ንጉሥ ሆይ ማረን ብሎ የሚማልድ ሰው አንዱን ቃል በአንድ ድምፅ ይናገሩታል። «ይቅር በለን» ይህ ችግር የለበትም፤ ኀላፊው «ይቅር አለን» ነውና «በ» እና «አ» ይለያቸዋል። እንግዲህ ተርጓሚው ሰፊ ትርጉምና ድርብ ንባብ ባለው ግስና፥ ጠባብ ትርጉምና ጥርት ያለ አንቀጽ ባለው ግስ መካከል ይገኛል።

ይሁንና ይህ ጭንቀት ምላሹ በሙሉ ሲነገር ይቃለላል። ግእዙን ያዳነችው የጥሪ ምልክት ዐማርኛውንም ታድነዋለች። «ጌታ ማረን» ተብሎ ያለ «ሆይ» ቢጻፍ አንባቢው ጌታ ምሕረት አደረገልን ብሎ ሊያነብበው ይችላል፤ በትርጉም ሥራ ጊዜ «ሆይ»ን ለማሳጠር ብሎ መተው አደገኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው። «አቤቱ» ግን ከጥሪ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለው የግስ ባለቤት ሊሆን አይችልም። «አቤቱ፥ ማረን» በተባለ ጊዜ «ማረን» ትእዛዝ ከመሆን በቀር መውጫ የለውም። ግእዙ በ«እግዚኦ» ያደረገውን ዐማርኛው በ«አቤቱ» በዚያው መንገድ ይፈጽመዋል፤ የግሱም ስፋት ሳይጎድል ይቀራል። ለንባብና ለትምህርት የሚመረጠው ይህ ነው። ለዜማ ሲሆን ግን ሌላ ሚዛን ይመጣል፤ «እግዚኦ ተሣሀለነ» ስምንት ቀለም ሲኖረው «አቤቱ፥ ማረን» አምስት ብቻ ነው፤ «አቤቱ፥ ይቅር በለን» ሰባት ስለ ሆነ በግእዙ ዜማ ላይ በቀላሉ ይቀመጣል። በዐማርኛ ቅዳሴ እርሱ መጽናቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ምላሹን የሚያስነሣው የዲያቆኑ ዐዋጅም በርባታ ረገድ ከዚሁ ነገር ነፃ አይደለም። «ተንሥኡ» ለብዙዎች የሚነገር ትእዛዝ ነው፤ «ተንሥኡ» ለሩቆች የሚነገር ኀላፊም ነው፤ ተነሡ የሚለው የዐማርኛ ጽሕፈትም ሁለቱን ይሸከማል። በዚህ ስፍራ የሚያድን የጥሪ ቃል የለም፤ «ለጸሎት» የሚለውም ከሁለቱ ጋር ይስማማል። በዐማርኛ ለያዩን ምላስ ያደርገዋል፤ «ሡ» ጠብቆ ሲነገር ሰዎቹ ተነሥተዋል፥ ላልቶ ሲነገር ግን እንዲነሡ ታዝዘዋል። በግእዙ የሚለየው ዲያቆኑ ወደ ሕዝቡ ዞሮ የተናገረው መሆኑ ነው።